12 በመቶው ከ18 በመቶው የተወደደበት ብድር

ታናሽ እህቴ ልብስ ሰፊ ናት። ሥራዋን ለማስፋት 120,000 ብር መበደር ፈለገችና ሁለት አበዳሪዎችን አነጋገረች። ሁለቱም ፈቀዱላት። የሁለቱም ብድር በየወሩ እየተከፈለ በ24 ወር የሚያልቅ ነው። የመጀመሪያው "12 በመቶ፣ ፍላት" አላት። ሁለተኛው "18 በመቶ፣ በቀሪ ዕዳ ላይ" አላት።

ማታ ደወለችልኝ። "የመጀመሪያውን ልይዝ ነው። ስድስት በመቶ እኮ ቀላል ልዩነት አይደለም" አለችኝ። በማግስቱ ልትፈርም ቀጠሮ ይዛለች።

ቀጠሮውን ሁለት ሦስት ቀን አራዝሚው አልኳት። ሁለቱን ቁጥሮች እንዲሁ ጎን ለጎን አስቀምጦ ማወዳደር አይቻልም። 12 በመቶው የሚሰላበት ገንዘብና 18 በመቶው የሚሰላበት ገንዘብ ይለያያሉ። እሷ ግን ይህን የነገራት ሰው አልነበረም። የነገሯት መቶኛውን ብቻ ነው።

ወለዱ የሚሰላው በየትኛው ገንዘብ ላይ ነው?

በበነጋታው ወረቀቶቹን ይዛ መጣች። የመጀመሪያው አበዳሪ ወረቀት ላይ "ወለዱ ቋሚ ነው" የሚል ሐረግ አለ። እሷ ይህንን ያነበበችው "ወለዱ በመሀል አይጨምርም" ብላ ነው። እውነት ነው፣ አይጨምርም። ግን "ቋሚ" የሚለው ቃል ሁለት የተለያዩ ነገሮችን ይሸፍናል። አንዱ መቶኛው በብድሩ ዘመን አይቀየርም ማለት ነው። ሌላው ደግሞ በየወሩ የሚከፈለው የወለድ ብር አይቀንስም ማለት ነው። ፍላት የሚባለው ይኼ ሁለተኛው ነው። ስለዚህ "ቋሚ" የሚል ቃል ካያችሁ "ምኑ ነው ቋሚው?" ብላችሁ ጠይቁ። በቀሪ ዕዳ ላይ የሚሰላ ወለድም መቶኛው የማይቀየር ሊሆን ይችላላ።

በፍላት ስሌት ወለዱ የሚታሰበው መጀመሪያ በወሰድሽው ሙሉ ገንዘብ ላይ ነው። ግማሹን ብትመልሺም፣ ለመጨረስ አንድ ወር ቢቀርሽም፣ አበዳሪው ወለድ የሚያሰላብሽ 120,000 ብሩ እንዳለ እጅሽ ላይ ያለ ይመስል ነው። ሒሳቡ ቀላል ነው። የ120,000 ብር 12 በመቶ 14,400 ነው። በሁለት ዓመት 28,800 ይሆናል። ይህ በዋናው ላይ ይደመርና 148,800 ይመጣል። ለ24 ሲካፈል ወርሃዊ ክፍያው 6,200 ብር ነው።

በቀሪ ዕዳ ሲሰላ ደግሞ ወለዱ የሚታሰበው ገና ባልከፈልሽው ገንዘብ ላይ ብቻ ነው። 18 በመቶ ለ12 ወር ሲካፈል በወር 1.5 በመቶ ነው። በመጀመሪያው ወር ዕዳው ሙሉ 120,000 ስለሆነ ወለዱ 1,800 ብር ይመጣል። ወርሃዊ ክፍያው 5,990.89 ብር ነው። ከዚህ ላይ 1,800 ለወለድ ይሄድና የቀረው 4,190.89 ዋናውን ይቀንሳል። ስለዚህ በሁለተኛው ወር ወለዱ የሚሰላው በ115,809.11 ብር ላይ ነው፤ 1,737.14 ብር ይሆናል። እንዲህ እያለ ይወርዳል።

እህቴ እዚህ ላይ አስቆመችኝ። "ወለዱ የሚቀንስ ከሆነ ታዲያ ወርሃዊ ክፍያው ለምን አይቀንስም?" አለች። ትክክለኛ ጥያቄ ነው፣ ብዙ ሰውም የሚምታታበት ቦታ ነው። ክፍያው እኩል እንዲሆን ተደርጎ ስለተሰላ ነው። የሚለዋወጠው ውስጡ ነው። በመጀመሪያው ወር ከክፍያው 30 በመቶ ገደማው ለወለድ ይሄዳል፣ ወደ መጨረሻ ግን ሁሉም ለማለት ይቻላል ለዋናው ይሄዳል። በመጨረሻው ወር ከ5,990.89 ብሩ ውስጥ ወለዱ 89 ብር ገደማ ብቻ ነው። በየወሩ እኩል ዋና፣ ማለትም 5,000 ብር፣ እያስከፈሉ ክፍያው ራሱ እንዲቀንስ የሚያደርጉ አበዳሪዎችም አሉ። ያኔ የመጀመሪያው ክፍያ 6,800፣ የመጨረሻው 5,075 ይሆናል። የእሷ ግን እኩል ክፍያ ነው።

አሁን ድምሩ። 5,990.89 በ24 ሲባዛ 143,781 ብር ነው። ወለዱ 23,781 መሆኑ ነው። በፍላቱ 28,800 ነበር። "18 በመቶ" የተባለው ብድር "12 በመቶ" ከተባለው በ5,019 ብር ያንሳል።

ዝም ብላ ወረቀቱን አየች። ከዚያ "እንዴት ሊሆን ይችላል?" አለች።

የመጨረሻው ወር

ፎርሙላ ከማሳየቴ በፊት አንድ ወር ብቻ ነጥለን አየን። የፍላቱን 24ኛ ወር።

በፍላቱ እያንዳንዱ 6,200 ብር ውስጥ 5,000ው ዋና፣ 1,200ው ወለድ ነው። 23 ወር ከከፈለች በኋላ እጇ ላይ የቀረው የአበዳሪው ገንዘብ 5,000 ብር ብቻ ነው። ለዚያ 5,000 ብር ለአንድ ወር የምትከፍለው ወለድ ግን 1,200 ነው። በአንድ ወር 24 በመቶ! በመጀመሪያው ወር ያው 1,200 ለ120,000 ብር ነበር፣ 1 በመቶ። ዕዳው እየቀለለ ወለዱ ካልቀለለ፣ የምትከፍለው መቶኛ በየወሩ እየወጣ ይሄዳል ማለት ነው።

በቀሪ ዕዳው በኩል መጀመሪያ ላይ ወለዱ ከፍ ብሎ ይታያል። 1,800 ከ1,200 ይበልጣል። ይህ ልዩነት እየጠበበ መጥቶ በ10ኛው ወር ወለዱ 1,199 ብር ይሆናል። ከዚያ ወር በኋላ እየወረደ ነው፣ ፍላቱ ግን እስከ መጨረሻው 1,200 ላይ ቆሞ ይቀራል። ሰው የመጀመሪያ ወራቱን ብቻ አይቶ ቢያወዳድር የሚሳሳተው ለዚህ ነው።

ፍላቱን ወደ ቀሪ ዕዳ መቶኛ ለመቀየር በወረቀትና እስክሪብቶ የሚሠራ ግምት አለ። ዕዳው በየወሩ በ5,000 ብር ስለሚወርድ በሁለቱ ዓመት ውስጥ በአማካይ እጇ ላይ የሚቆየው 62,500 ብር ነው። በዓመት 14,400 ወለድ ትከፍላለች። 14,400ን ለ62,500 ስናካፍል 23 በመቶ ገደማ ይመጣል። ይህ ግምት ከእውነተኛው ትንሽ ከፍ ይላል። ምክንያቱም በእኩል ክፍያ እውነተኛው ዋና መጀመሪያ ላይ ቀስ ብሎ ነው የሚወርደው። ለፈጣን ፍተሻ ግን ይበቃል። "12" ተብሎ የተነገረው ወደ 20ዎቹ መሻገሩን ያሳያል።

ትክክለኛውን ለማግኘት ኤክሴል ከፈትን። ሁለት መስመር ይበቃል። የመጀመሪያው የሁለተኛውን ብድር ወርሃዊ ክፍያ ያወጣል። ሁለተኛው ደግሞ ፍላቱ በቀሪ ዕዳ ቢሰላ ስንት በመቶ እንደሚሆን ይናገራል፦

```
=PMT(18%/12, 24, -120000)
=RATE(24, -6200, 120000)*12
```

የመጀመሪያው 5,990.89 አለ። ሁለተኛው 0.2157 አለ። ማለትም የፍላቱ 12 በመቶ በቀሪ ዕዳ ሲለካ 21.6 በመቶ ነው። አሁን 21.6ን ከ18 ጋር ማወዳደር ይቻላል፣ ሁለቱም በአንድ መስፈሪያ ተሰፍረዋል።

ቁጥሮቹን በትክክል ለማስገባት አንድ ነገር ልብ በሉ። 6,200 ላይ የመቀነስ ምልክት አለ፣ 120,000 ላይ የለም። አንዱ ከእጅ የሚወጣ፣ ሌላው ወደ እጅ የሚገባ ስለሆነ ነው። ሁለቱንም በአንድ ምልክት ካስገባችሁ ኤክሴል ስህተት ይሰጣል።

የአገልግሎት ክፍያው

ነገሩ እዚህ ያለቀ መስሎን ነበር። ግን ሁለተኛው ወረቀት ግርጌ ላይ "2.5 በመቶ የአገልግሎት ክፍያ ከብድሩ ላይ ይቀነሳል" የሚል መስመር አገኘን። የመጀመሪያው አበዳሪ ምንም የአገልግሎት ክፍያ የለውም። የ120,000 ብር 2.5 በመቶ 3,000 ነው። እህቴ እጅ የሚገባው 117,000 ብር ነው። ዕዳው ግን 120,000 ተብሎ ይመዘገባል፣ ወለዱም በ120,000 ላይ ይጀምራል።

ስለዚህ የሁለተኛው ብድር እውነተኛ ዋጋ 23,781 ሲደመር 3,000፣ ማለትም 26,781 ብር ነው። ልዩነቱ ከ5,019 ወደ 2,019 ወረደ። በመቶኛ ማየት ከተፈለገ በዚያው ቀመር ውስጥ እጅ የገባውን ገንዘብ ማስገባት ነው፦

```
=RATE(24, -5990.89, 117000)*12
```

20.6 በመቶ ይላል። 18 የነበረው በአንድ መስመር 20.6 ሆነ። አሁንም ከ21.6 ያንሳል፣ ግን ያን ያህል አይደለም። የአገልግሎት ክፍያው 5,000 ብር ገደማ ቢሆን ኖሮ ሁለቱ በጠቅላላ በሚከፈለው ብር እኩል ይሆኑ ነበር። መቶኛውን በትክክል አስተካክሎ ክፍያውን የረሳ ሰው ወለድን በደንብ አውቆም ሊሳሳት ይችላል። እኔም ግርጌውን ሳላነብ "አምስት ሺህ ታተርፊያለሽ" ብያት ነበር፣ ይህን ቃሌን ማረም ነበረብኝ።

የሁለተኛው መቶኛ ሊቀየር እንደሚችልም ውሉ ላይ ተጽፏል። ይህ ያስፈራል። አስበን አየነው፦ ከአንድ ዓመት በኋላ ወደ 20 በመቶ ቢወጣ፣ የቀረው ዕዳ 65,346 ብር ስለሚሆን በቀሪዎቹ 12 ወራት የሚጨምርባት 749 ብር ገደማ ነው። ዕዳው በዚያን ጊዜ ስለቀለለ ጭማሪው ብዙም አይጎዳትም። የ2,019 ብሩን ልዩነት አይበላውም።

"ቀድሜ ብከፍልስ?"

ከሁሉም በላይ ጊዜ የወሰደብን ይኼኛው ነው። እህቴ ከአንድ ዓመት በኋላ የምትቀበለው ገንዘብ አለ። በዚያ ዕዳውን አንዴ ልትዘጋው ታስባለች። እንግዲህ ጥያቄው የ24 ወሩ ዋጋ ሳይሆን የ12 ወሩ ዋጋ ነው ማለት ነው። ይህንን ስትነግረኝ ሒሳቡን ከመጀመሪያው ጀመርነው።

ሁለተኛው ላይ መልሱ ከስሌቱ ይወጣል። 12 ጊዜ ከከፈለች በኋላ የቀረው ዋና 65,346 ብር ነው። እስከዚያ የከፈለችው ወለድ 17,236 ብር ነው። ቀድሞ ለመዝጋት ውሉ የቀሪውን ዕዳ 2 በመቶ ያስከፍላል፣ 1,307 ብር። በመጀመሪያ የተቀነሰውን 3,000 ስንጨምር ጠቅላላ ዋጋው 21,543 ብር ይሆናል።

በፍላቱ ግን መልሱ ከስሌቱ አይወጣም። የሚወጣው ከውሉ ነው። ምክንያቱም 28,800 ብሩ ገና ሲጀመር ተሰልቶ ተደምሯል። ቀድማ ስትዘጋ ምን ያህሉ እንደሚቀነስላት አበዳሪው የሚወስነው ነገር ነው፣ እያንዳንዱም በራሱ መንገድ ይወስናል።

አንደኛው መንገድ በጊዜው ልክ ማስላት ነው። ግማሽ ጊዜ ከቆየች ግማሹን ወለድ ትከፍላለች፣ 14,400። እንዲህ ከሆነ ፍላቱ ከሁለተኛው በ7,143 ብር ይረክሳል! እኔም እዚህ ላይ ስደርስ ደነገጥኩ። ከዚህ በፊት "ፍላት ሁሌም ይወደዳል" እያልኩ ነበር የምናገረው። ፍላት በመጀመሪያዎቹ ወራት በዕዳው ላይ ሲታይ ርካሽ ነው፣ የሚወደደው ወደ መጨረሻ ነው። በመሀል በጊዜው ልክ ተሰልቶ የሚዘጋ ከሆነ፣ ውዱን ግማሽ ሳይደርስበት መውጣት ይቻላል።

ሁለተኛው መንገድ "የ78 ደንብ" የሚባለው ነው። ከ1 እስከ 12 ያሉት ቁጥሮች ሲደመሩ 78 ይሆናሉ፣ ስሙ የመጣው ከዚያ ነው። ወለዱ በመጀመሪያ ወራት ላይ ከበድ ብሎ ይመደባል። ለ24 ወር ቁጥሮቹ ሲደመሩ 300 ይሆናሉ። የቀሩት የ12 ወራት ቁጥሮች ድምር 78 ስለሆነ የሚቀነስላት 78 ከ300፣ ማለትም ከ28,800 ብሩ 26 በመቶው፣ 7,488 ብር ነው። የምትከፍለው ወለድ 21,312 ይሆናል። ከሁለተኛው 21,543 ጋር ሲታይ ከሞላ ጎደል አንድ ነው።

ሦስተኛው መንገድ ምንም አለመቀነስ ነው። አሥራ ሁለተኛው ወር ላይ ብትዘጋም ሙሉውን 28,800 ትከፍላለች።

እንግዲህ አንድ ብድር፣ አንድ መቶኛ፣ ሦስት መልስ፦ 14,400፣ 21,312 ወይም 28,800። የትኛው እንደሆነ ሳይታወቅ ማወዳደር አይቻልም። እህቴ ለአበዳሪው ደወለች። እንዲህ ብላ እንድትጠይቅ ነገርኳት፦ "አሥራ ሁለተኛውን ክፍያ ከከፈልኩ በኋላ ብድሩን ልዝጋ ብል በዚያን ቀን ስንት ብር ነው ይዤ የምመጣው?" "ቀድሞ መክፈል ይቻላል?" ብላ ብትጠይቅ "አዎ፣ ይቻላል" ይሏታል። ያ መልስ አይረባም። የብር መጠኑን ነው መጠየቅ።

የብድር ባለሙያዋ ትንሽ ቆይታ መለሰች። "74,400 ነው እህቴ። ወለዱ አይቀነስም፣ አንዴ የተሰላ ነው" አለቻት። የቀሩት 12 ክፍያዎች ተደምረው ነው። ውሉን ገልጠን ስናይ እውነትም "ተበዳሪው ከጊዜው ቀድሞ ቢከፍልም የተሰላው ወለድ አይቀነስም" ይላል።

በዚህ የእህቴ ጉዳይ መልክ ያዘ። በአንድ ዓመት ከዘጋች ፍላቱ 28,800፣ ሁለተኛው 21,543። ልዩነቱ 7,257 ብር ነው። ገንዘቡ ባይመጣና 24 ወሩን ሙሉ ብትከፍል ደግሞ ሁለተኛው በ2,019 ብር ይሻላል። በሁለቱም መንገድ ያው አንድ ብድር ወጣ። ውሉ በጊዜው ልክ እቀንሳለሁ ቢል ኖሮ ግን የመጀመሪያውን ውሰጂ እላት ነበር።

የመጀመሪያው ደረሰኝ

ሁለተኛውን ወሰደች። ከመፈረሟ በፊት የ24 ወሩን የአከፋፈል ሰንጠረዥ ታትሞ እንዲሰጣት ጠየቀች፣ ሰጧት። እኛ ካወጣነው ጋር መስመር በመስመር አየነው። ክፍያው 5,990.89፣ የመጀመሪያው ወለድ 1,800፣ ቀሪው 115,809.11። ልክ ነበር።

የመጀመሪያውን ወር ከፍላ ደረሰኙን በስልኳ አንስታ ላከችልኝ። ወለድ የሚለው ቦታ 1,834.52 ይላል። "34 ብር ጨምረውብኛል" ብላ ተናዳለች። እኔም መጀመሪያ አንድ ነገር ደብቀውናል ብዬ ነበር። ቁጭ ብዬ ሳሰላው ግን 21,600 የዓመት ወለድ በ31 ተባዝቶ ለ365 ሲካፈል በትክክል 1,834.52 ይመጣል። ሰንጠረዡ ሁሉንም ወር እኩል አድርጎ ነው የሠራው፣ እነሱ ግን በቀን ቆጥረው ነው የሚያስከፍሉት። ያ ወር 31 ቀን ነበረው።

ሄዳ ጠየቀች፣ አረጋገጡላት። በሚቀጥለው ወር 30 ቀን ስለሆነ ወለዱ 1,713.85 መሆን እንዳለበት ጽፌ ሰጠኋት። ቀሪው ዕዳ 115,843.63 ነበር። ደረሰኙ ሲመጣ ከወረቀቴ ጋር አስተያየችው። 1,713.85 ይላል።